ሰሚት ላለች አንድ ክፍል ለአከራይ የምልከው የመጀመሪያ መልእክት፤ እስቲ እዩልኝ

የሀዋሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቅምት 1 ጀምሮ ጉርድ ሾላ አካባቢ ሥራ እጀምራለሁ። አሁን ያለሁት ሀዋሳ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ አለኝ፤ ግን ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ከሳምንት በላይ ማስቸገር አልፈልግም። ከመምጣቴ በፊት ቤት ባገኝ ደስ ይለኛል።

ቴሌግራም ላይ ያየሁት ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦

«ሰሚት 72፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሰርቪስ። 4 በ4። ሴራሚክ። ሽንት ቤት የጋራ። ውሃ መብራት ያለው። ለላጤ። 7,500 ብር። 3 ወር ቅድሚያ፣ 1 ወር ማስያዣ። የፈለገ ይደውል።»

ልልክ ያሰብኩት መልእክት ደግሞ ይሄ ነው፦

«ሰላም፣ ቤቱ አለ? መጨረሻው ስንት ነው? ፎቶ ላኩልኝ።»

በጣም አጠረ መሰለኝ። ምን ልጨምርበት? የኪራዩንና የማስያዣውን ነገር አሁኑኑ ላንሳ ወይስ ቤቱን ካየሁ በኋላ? ለማየት የምችለው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ቢኒ ኮሚሽን

እህቴ፣ እኔ የድለላ ሥራ ላይ ነኝ። ልንገርሽ፣ በመልእክት ጊዜ አታጥፊ። ደውዪ። ሰሚት ላይ በዚህ ዋጋ የወጣ ክፍል ማታ ተለጥፎ ጠዋት ይያዛል። «አለ?» በይ፣ «አለ» ካሉሽ ቀብድ ላኪ፣ አለቀ። ቀብድ ከሰጠሽ ቤቱ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካሽም።

የገርጂ አከራይ

ልጄ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ክፍል የማከራይ ሰው ነኝ። ማስታወቂያ ባወጣሁ ቁጥር ስልኬ «አለ?» በሚል መልእክት ይሞላል። ለእነሱ አልመልስም። ማን ይሁን፣ ስንት ሰው ይሁን፣ መቼ ይግባ፣ ምኑም አይታወቅም። «መጨረሻው ስንት ነው» የሚለውማ ቤቱን ሳያይ የሚከራከር ሰው ነው፤ ገብቶም በየወሩ ይከራከረኛል ብዬ አልፈዋለሁ።

የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍልኝም አለ። አባቱ የት እንደተወለዱ ሁሉ። እሱንም አንብቤ አልጨርሰውም።

አከራይ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ወንድ ነሽ ሴት፣ ብቻሽን ነሽ ወይስ ከሰው ጋር፣ ሥራሽ የት ነው። ይህን በሁለት መስመር ከነገርሽኝ በኋላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ እመልሳለሁ። በተረፈ መልእክቱን ላኪና ትንሽ ቆይተሽ ደውዪ። እኔን መሰል ሰው ቴሌግራም የሚከፍተው የልጅ ልጅ ሲመጣ ነው።

ጸሐፊው

እትዬ እንዳሉት ነው። ቢኒ ያለው ላይ ግን አንድ ትልቅ ስህተት አለ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ማስታወቂያውን እናንብበው። «3 ወር ቅድሚያ፣ 1 ወር ማስያዣ» ማለት ለመግባት 30,000 ብር ይዘሽ መምጣት አለብሽ ማለት ነው። 7,500 የሚለው ቁጥር ዓይን ስለሚይዝ ሰው ይህን አያሰላውም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በዚህ ቤት ሂሳብ 15,000 ብር ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት ውስጥ የቅድሚያውን ጥያቄ አንሺው። «ሕጉ እንዲህ ይላል» እያልሽ ሳይሆን «ሁለት ወር ማድረግ ይቻላል ወይ» ብለሽ።

የገርጂ አከራይ

እዚህ ላይ አልስማማም። ገና ፊቷን ሳላይ ስለ ሁለት ወር ከጠየቀችኝ፣ ይህች ነገ ወረዳ ትከሰኛለች ብዬ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ትምጣ፣ ቤቱን ትይ፣ ቡና እንጠጣ፣ ያኔ እንነጋገር። እኔ ሦስት ወር ብዬ ለጥፌ ሁለት ወር የተቀበልኩት ብዙ ጊዜ ነው። የተቀበልኩት ግን ሰዎቹን ካየሁ በኋላ ነው።

ጸሐፊው

እትዬ፣ እርስዎ ሰው ይቀበላሉ። ይህች ልጅ ግን ከሀዋሳ ነው የምትመጣው። 30,000 የማይቀነስ ከሆነ የትራንስፖርት ወጪ አውጥታ፣ ቀኗን አቃጥላ ለምን ትመጣለች? ቀድማ ብታውቅ ይሻላል።

ማሙሽ ጀሞ

እኔም ሰሚት አካባቢ አንድ ክፍል እፈልጋለሁ። ስንት ነው የምታከራዪው? ባለትዳር ይሆናል? አንድ ልጅ አለን።

የሀዋሳ ልጅ

ማሙሽ፣ እኔ ተከራይ ነኝ 😄 ማስታወቂያው የሌላ ሰው ነው። ደግሞ «ለላጤ» ይላል።

እሺ፣ አስተካክዬዋለሁ። እንዲህ ሆነ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት 72 ስላለው የ7,500 ብር አንድ ክፍል ነው የምጽፍልዎት። ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ጉርድ ሾላ ሥራ እጀምራለሁ። ክፍሉ አሁን ባዶ ነው ወይስ ሰው አለበት? 7,500 ውሃና መብራትን ይጨምራል? ቅድሚያውን ሁለት ወር ማድረግ ይቻላል? የአንድ ወር ማስያዣው ስወጣ የሚመለስ ነው? ቅዳሜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ወይም እሁድ ከ8 ሰዓት በኋላ መጥቼ ማየት እችላለሁ። የትኛው ይመችዎታል? አመሰግናለሁ።»

የገርጂ አከራይ

ይህን ለማንበብ የልጅ ልጄን አልጠብቅም። ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ መርጠሽ ማቅረብሽ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። «መቼ ልምጣ» የሚል ሰው እኔን ያሳስበኛል፣ የእሱን ጊዜ አላውቅማ። እሁድ ግን ከ8 ሰዓት በኋላ ማድረግሽ ብልህነት ነው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነን።

ጸሐፊው

አንድ መስመር ይጎድለዋል፦ «የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» በዚህች ጥያቄ ደላላ ከሆነ ራሱ ይናገራል፣ ወይም ይንተባተባል። ደላላ መሆኑ ክፋት የለውም። ግን ስለ ማስያዣ የሚገባልሽ ቃል ባለቤቱን አያስገድድም። «ይመለሳል፣ ችግር የለም» የሚለው ደላላ ከሁለት ዓመት በኋላ ስልኩ አይሠራም።

ቢኒ ኮሚሽን

ጸሐፊው እኛን መውደድ አልቻልክም 😂 ግን እውነት ነው፤ ስለ ማስያዣ እኔ ቃል አልገባም። «ከባለቤቷ ጋር ተነጋገሪ» ነው የምለው።

ስለ ሁለት ዓመቱ ግን ጥሩ ዜና ልጨምር። ውሉ ሁለት ዓመት ከሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋ አይጨመርብሽም። 7,500 እንዳለ ይቆያል።

ጸሐፊው

ግማሹ ትክክል ነው። አከራዩ በፈለገው ጊዜ በፈለገው መጠን መጨመር አይችልም። ጭማሪ ግን ሙሉ በሙሉ አልተከለከለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት ላይ 7,500 ትንሽ ከፍ ሊል እንደሚችል ይዘሽ በጀትሽን አስቢ።

ከአሌክሳንድሪያ

እናንተ ታድላችኋል። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ቤዝመንት ውስጥ አንድ ክፍል ለመከራየት የሦስት ወር የደሞዝ ወረቀት፣ የክሬዲት ሪፖርት፣ የቀድሞ አከራይ ስልክ ነው የጠየቁኝ። ሐበሻ አከራይ ካገኘሽ ግን «የማን ልጅ ነሽ» ብቻ ነው። እኔ ያገኘሁት በቤተ ክርስቲያን ሰው በኩል ነው። አንቺም ጉርድ ሾላ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ብትጠይቂ አይሻልም?

የሀዋሳ ልጅ

እሱን ስመጣ እሞክራለሁ፤ አሁን ሀዋሳ ሆኜ እንዴት ብዬ 🙏

መልእክቱን ልኬ ነበር፣ መልስ መጣ። እንዳለ ልለጥፈው፦

«ሰላም እህት። አዎ ባለቤት ነኝ። ቤቱ ሰው አለበት ግን አስወጣዋለሁ ለጥቅምት 1 ዝግጁ ነው። ውሃ ከኛ፣ መብራት ትካፈላላችሁ። ቅድሚያ 2 ወር እሺ ግን በእጅ ነው የምቀበለው። ማስያዣው ይመለሳል። ፈላጊ ብዙ ስለሆነ አሁን 3,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ከላክሽ ይያዝልሻል። ቅዳሜ 4 ሰዓት ነይ።»

ሁለት ወር እሺ ስላለኝ ደስ ብሎኛል። የቀረው ግን ትንሽ አሳስቦኛል።

ጸሐፊው

መልሱ ጥሩም መጥፎም አለበት።

«ሰው አለበት ግን አስወጣዋለሁ» የሚለው ነው ለእኔ ትልቁ። ያ ሰው ውል ካለውና ጊዜው ካልደረሰ ያለ ምክንያት ማስወጣት አይቻልም። ሰውየው አልወጣም ቢል ጥቅምት 1 ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ስለዚህ ቅዳሜ ስትሄጂ ያለውን ተከራይ ራሱን አነጋግሪው። «መቼ ነው የምትወጣው?» በይው። ራሱ የወሰነ ሰው ቀኑን ይነግርሻል። ያልወሰነ ሰው «ማን አለሽ?» ይልሻል።

አሁን ወደ ቀብድ፣ ቀድሜ እመለስበታለሁ ወዳልኩት። ቢኒ ቀብድ ከሰጠሽ ቤቱ ያንቺ ነው ብሎ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ቁጥር 1883 ጀምሮ፣ ቀብድ ውል መደረጉን ያስረዳል። እስከዚህ ልክ ነው። ነገር ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ሁለቱም ወገን ማፍረስ ይችላሉ። ሰጪዋ ካፈረሰች ቀብዷን ታጣለች። ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። በአንቺ ነገር 3,000 ሰጥተሽ ሌላ ሰው በልጦ ቢያስገባበት 6,000 ይመልስልሻል ማለት ነው እንጂ ቤቱን አታገኚም። አንቺ ደግሞ ቅዳሜ አይተሽ ቤቱን ብትጠዪው 3,000 ሄደ። ሳታዪ ቀብድ መስጠት ማለት ይሄ ነው።

ቢኒ ኮሚሽን

እጥፍ የሚባለውን ሰምቼ አውቃለሁ፣ ሲመለስ ግን አይቼ አላውቅም። ማን በ3,000 ብር ፍርድ ቤት ይሄዳል?

ጸሐፊው

እሱን አልክድም።

የገርጂ አከራይ

ልጄ፣ ሳታዪ ምንም አትላኪ። እኔ ራሴ ቀብድ የምጠይቀው ቤቱን አይቶ «እወስዳለሁ» ላለ ሰው ነው። ለዚያውም በወረቀት ነው፦ ስም፣ ቀን፣ መጠን፣ የትኛው ክፍል፣ «ከመጀመሪያው ወር ኪራይ የሚታሰብ» ብዬ እፈርማለሁ። ተከራዩም ይፈርማል። ሳያይ የላከ ሰው ኋላ መጥቶ ሲያኮርፍ ለእኔም ራስ ምታት ነው።

ሰውዬው ግን ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ፈላጊ ሲበዛ አንዳንዱ እንዲህ ያደርጋል።

ፍሬ ሲኤምሲ

ሌባም ሊሆን ይችላል። የእኔን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ያየሁት ማስታወቂያ ፎቶው በጣም ያምር ነበር። ቀብድ በቴሌብር አሉኝ። ቁጥሩን ሳስገባ ከመላኬ በፊት የወጣው ስም የወንድ ነበር። ያነጋገረችኝ ደግሞ «ባለቤት ነኝ» ያለች ሴት ናት። «ባለቤቴ ነው» አለችኝ። እሺ፣ ቤቱን ልየውና ለእሱ በእጄ እሰጠዋለሁ ስላት ስልኩን ዘጋችው። በኋላ ያንኑ ፎቶ ሌላ ቻናል ላይ ለጀሞ ቤት አየሁት።

ስለዚህ ስሙን አረጋግጪ። ቴሌብር ላይ የሚወጣው ስም፣ ውሉ ላይ የሚፈርመው ስምና የቤቱ ካርታ ላይ ያለው ስም መግጠም አለባቸው። የማይገጥሙ ከሆነ ውክልና ይኑረው።

የሀዋሳ ልጅ

አመሰግናለሁ። እንዲህ ብዬ ልመልስለት አስቤያለሁ፦

«እሺ፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት እመጣለሁ። ቀብዱን ቤቱን ካየሁና ካለው ተከራይ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ እዚያው በወረቀት እንፈራረምበታለን። ክፍያው በባንክ ቢሆን ለሁለታችንም ይመቻል። እስከ ቅዳሜ ለሌላ ሰው ከሰጡት እባክዎ በስልክ ያሳውቁኝ፣ ከሩቅ ነው የምመጣው።»

የገርጂ አከራይ

«ከሩቅ ነው የምመጣው» የሚለውን አትንኪው። ሰው ነው፣ ያስባል።

ቢኒ ኮሚሽን

በባንክ የሚለውን ግን አሁን አውጪው። «በእጅ» ያለሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? ግብር ነው። ምናልባት ቅዳሜ ደግሞ «ውሉ ላይ 4,000 ብለን እንጻፈው፣ አንቺ ግን 7,500 ትከፍያለሽ» ይልሻል። ብዙዎቹ ጋ እንደዚህ ነው። እሺ ካላልሽ ቤት አታገኚም።

ጸሐፊው

እሺ ካልሽ ደግሞ ያለሽ ማስረጃ የ4,000 ብቻ ነው። በእጅ የሰጠሽው የሁለት ወር 15,000 ከወረቀቱ ውጭ ከሆነ፣ «8,000 ነው የተቀበልኩት» ቢልሽ ምን ታሳያለሽ? ማስያዣውም እንደዚያው። 7,500 ማስያዣ ከሰጠሽ ውሉ ላይ መጠኑና ስትወጪ የሚመለስ መሆኑ ይጻፍ። መቼ እንደሚመለስና ለምን ለምን ሊቀነስ እንደሚችልም ይጻፍ፤ ለምሳሌ ለተሰበረ መስታወት፣ ላልተከፈለ መብራት። አፍ ላይ «ይመለሳል» ማለት ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ወር ቅድሚያና አንድ ወር ማስያዣ ሲደመር 22,500 ነው። ማስያዣው የስሙ ጉዳይ እንጂ ሦስተኛ ወር ቅድሚያ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ከሁለት ወር ገደቡ ያልፋል።

የገርጂ አከራይ

እኔ አይመስለኝም። ቅድሚያ ማለት ኪራይ ነው፣ ይበላል። ማስያዣ የእሷ ገንዘብ ነው፣ ተቀምጦ ይመለሳል። አዋጁ የሚለው ስለ ቅድመ ክፍያ ነው። አንዱ ልጅ በር ሰብሮብኝ ሲወጣ ከምን ላይ ልጠግን?

ጸሐፊው

ወረዳ የሚመዘግቡት ሰዎች ምን እንደሚሉ መጠየቅ ነው እትዬ። በዚህ እኔና እርስዎ ተከራክረን አንጨርሰውም።

ፍሬ ሲኤምሲ

ቅዳሜ ስትሄጂ ምን እንደምታዪ ማንም አልነገረሽም እኮ። ሦስት ነገር ልንገርሽ።

ውሃ። «ውሃ ያለው» ማለት ቧንቧ አለ ማለት ነው እንጂ ውሃ ይመጣል ማለት አይደለም። በደወልሽ ጊዜ የሰፈሩ የውሃ ተራ የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ ጠይቂ። ቅዳሜ ተራቸው ከሆነ ቧንቧው መሥራቱ ምንም አይነግርሽም። ግቢው ሮቶ አለው ወይ፣ ስንት ቤተሰብ ነው የሚጠቀመው፣ ተከራዮች ከሮቶው ይቀዳሉ ወይስ በባልዲ ያስቀምጣሉ? የጋራ ሽንት ቤቱ በር ላይ የተደረደሩትን ጄሪካኖች እያቸው። ብዙ ከሆኑ መልሱን አገኘሽ።

መብራት። «ትካፈላላችሁ» ያለሽ ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ነው። በሰው ቁጥር ነው በክፍል? ምጣድ የሚጥድ ሰው አለ? እንጀራ የምትጋግር ጎረቤት ካለችና ሂሳቡ እኩል የሚካፈል ከሆነ የእሷን ትከፍያለሽ።

ግድግዳ። ክረምት ገና መውጣቱ ነው፤ ለማየት ጥሩ ጊዜ ነው። ከታች፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እርጥበት ተሸፍኗል ማለት ነው። እጅሽን አስነኪው። ከአልጋው ኋላ ያለውን ጥግ አሽቺው።

ከአሌክሳንድሪያ

የበሩን ሰዓትም ጠይቂ! የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ የተከራየችበት ግቢ ማታ 3 ሰዓት ላይ በር ይቆልፉ ነበር። ሥራሽ ማታ የሚያስመሽ ከሆነ ችግር ነው።

የሀዋሳ ልጅ

ሥራዬ አንዳንዴ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያስመሻል። ይህን ሳልጠይቅ ገብቼ ቢሆን ኖሮ!

መልስ ሰጥቶኛል። ቀብዱን ቅዳሜ በወረቀት እሺ ብሏል። በባንክ የሚለውን ግን «ስትመጪ እንነጋገራለን» ነው ያለኝ። የውሃ ተራቸው ማክሰኞና ዓርብ ነው አለ፤ ሮቶ አለ ብሏል። በር የሚዘጋው 4 ሰዓት ነው።

ማሙሽ ጀሞ

ጳጉሜን ኪራይ ያስከፍላል ወይ ብለሽ ጠይቂልን። የእኔ አከራይ ዘንድሮ አምስቱን ቀን ካልከፈልክ ብሎኛል።

የገርጂ አከራይ

ኧረ ጳጉሜን የሚያስከፍል ሰው እኔ አልሰማሁም! ውልህን አንብበው።

የሀዋሳ ልጅ

ለቅዳሜ ይህን ጻፍኩ፤ ካለው ተከራይ ጋር ማውራት፣ ሮቶውን ማየት፣ ግድግዳው ጥግ፣ መብራት በምን እንደሚካፈል፣ የካርታው ስም፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀብድ። ውሉ ላይ 7,500 እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። እምቢ ካለ ደግሞ ለእሁድ 8 ሰዓት ሌላ ቤት ላይ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ላምበረት፣ 6,800 ብር። ለዚያኛውም ያንኑ መልእክት ነው የላክሁት፣ ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀረ። ውሉ ሁለት ዓመት ከሆነና እኔ ሥራ ቀይሬ ከስድስት ወር በኋላ መውጣት ብፈልግስ? ማስያዣውን ይይዝብኛል?

ቢኒ ኮሚሽን

ይይዝብሻል።

የገርጂ አከራይ

እኔ ቀድማ ከነገረችኝና ሌላ ሰው ካመጣችልኝ አልይዝባትም።

ጸሐፊው

ያንን ነው ውሉ ላይ ማስጻፍ። ከመውጣትሽ ስንት ጊዜ ቀድመሽ እንደምታሳውቂ፣ ካሳወቅሽ ማስያዣው እንደሚመለስ። ቅዳሜ ከመፈረምሽ በፊት ረቂቁን እዚህ ለጥፊው፣ ስሞቹን አጥፍተሽ።